«ብዙ ስህተት አለበት» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ስፔሊንግ ብቻ አርመው መለሱልኝ

*ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አገር በቀል ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ የክትትልና ግምገማ ቡድን እመራለሁ። ቢሮዬ አዲስ አበባ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት የቡድኔ አባል የአባቴ እኩያ ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የምላቸው። የላኩት የሩብ ዓመት ሪፖርት ችግር አለበት። ጽሑፉ 412 ሴቶች ሠለጠኑ ይላል፣ ሠንጠረዡ ደግሞ 386። የአንዲት ተጠቃሚ ታሪክ ከነሙሉ ስሟና ከነፎቶዋ ገብቷል፤ የፈቃድ ቅጽ ግን የለም። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ክፍል ካለፈው ሪፖርት ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። እንግሊዝኛውም ያስቸግራል። ዳይሬክተራችንን ሲሲ አድርጌ «ሪፖርቱ ብዙ ስህተት አለበት፤ በጥንቃቄ ተስተካክሎ በድጋሚ ይላክ» ብዬ ጻፍኩ። «እሺ፣ ታዝዣለሁ» አሉኝና በማግሥቱ ላኩት። የተስተካከለው ስፔሊንግ ብቻ ነው። አሁን ስልኬንም እንደ ድሮው ቶሎ አያነሱም። ሪፖርቱ ለለጋሹ የሚገባው ሚያዝያ 22 ነው። ሳላስቀይማቸው፣ ግን ሥራው እንዲስተካከል፣ ምን ብዬ ልጻፍ?*

*ት. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ*

ውድ ት.፣

በመልሳቸው አትናደጂ። «ብዙ ስህተት አለ» የተባለ ሰው የሚያርመው ዓይኑ ውስጥ የገባውን ነው። እሳቸው ዓይን ውስጥ የገባው ኮምፒውተሩ ከሥሩ ቀይ ያሰመረበት ቃል ነው። አንቺ ያየሽው የ412 እና የ386 ጉዳይ ግን ቀይ መስመር የለውም። ገጹን ካልነገርሻቸው በምን ያውቁታል? ኢሜይልሽ ውስጥ «ይህን አስተካክሉ» የሚል አንድም ነገር የለም። ቅሬታ አለ፣ ሥራ የለም። ስለዚህ «ታዝዣለሁ» ያሉት እያሾፉብሽ ላይሆን ይችላል። ያዘዝሽውን ያህል ነው የሠሩት።

አዲሱን ኢሜይል ከመጻፍሽ በፊት አንድ የቤት ሥራ አለሽ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አባሪውን ክፈቺና ሁለቱን ቁጥሮች ራስሽ አመሳክሪ። ልዩነቱ 26 ነው። የመስክ ሥራ ለሚያውቅ ሰው 26 አንድ ክፍል ሠልጣኝ ያህላል። እንዲህ ያለ ልዩነት በእጅ መንሸራተት አይመጣም፤ አንድ ሙሉ ሥልጠና አንዱ ጋ ገብቶ ሌላው ጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ የቀን አቆጣጠሩ ነው። ጋሼ መረጃ የሚሰበስቡት ከወረዳ ነው፤ ወረዳ የሚሠራው በእኛ በጀት ዓመት ነው። ሦስተኛው ሩብ ዓመት ለወረዳው ከጥር 1 እስከ መጋቢት 30 ነው። ለጋሽሽ እንደ ብዙዎቹ በፈረንጅ የሚሠራ ከሆነ ግን የእሱ ሩብ ዓመት የሚጀምረው በጃንዋሪ 1 ነው። ይህ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። የሚዘጋው ደግሞ ማርች 31፣ በእኛ መጋቢት 22 ነው። በመጋቢት የመጨረሻ ሳምንት የተሰጠ ሥልጠና ካለ ለወረዳው የዚህኛው ሩብ ዓመት፣ ለለጋሹ የሚቀጥለው ነው። ጽሑፉ ከወረዳው ማጠቃለያ ተወስዶ፣ ሠንጠረዡ ደግሞ በለጋሹ ቅጽ ተሞልቶ ከሆነ፣ ሁለቱም ቁጥሮች በየራሳቸው ትክክል ናቸው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ የሰውና የተሳትፎ መምታታት ነው። አንዲት ሴት የቁጠባ ሥልጠናም የዶሮ እርባታ ሥልጠናም ወስዳ ከሆነ በተሳትፎ ሁለት ትቆጠራለች፣ በሰው ግን አንድ ናት። 412 ተሳትፎ፣ 386 ሰው ሊሆን ይችላል። መለየቱ አይከብድም። የተሳታፊ ዝርዝሮቹን በቀን ደርድሪያቸው። ከመጋቢት 22 በኋላ 26 ሰው ያለበት ሥልጠና ካገኘሽ ነገሩ አለቀ። ካላገኘሽ ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሪና ሁለቴ የሚመጡትን ቁጠሪ።

ይህን ሁሉ የምልሽ በምክንያት ነው። ምክንያቱ የቀን አቆጣጠር ሆኖ ከተገኘ ስህተቱ የጋሼ ብቻ አይደለም። ሩብ ዓመቱ መቼ እንደሚዘጋ በእኛ ቀን ጽፎ ለመስክ ቢሮ ያሳወቀ ሰው አለ? ከሌለ ጉድለቱ የመመሪያው ነው፤ መመሪያው ደግሞ የሚወጣው ካንቺ ቡድን ነው። «በጥንቃቄ» የሚለው ቃልሽ እሳቸው ላይ ያረፈው ያለ ቦታው ነው ማለት ነው። እንደ እሳቸው ያለ በሥራው የቆየ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። አይናገረውም፤ ስልክ ግን ቶሎ አያነሳም።

ከዚያ በኋላ ያገኘሽውን ሁሉ አበጥሪው። ሪፖርቱን ስታነቢ ኅዳጉ ላይ ምናልባት ሠላሳ፣ አርባ አስተያየት አስፍረሽ ይሆናል። ያን ሁሉ ላኪላቸውና ተመልከቺ፤ በጣም ቀላሎቹን አርመው ይመልሱልሻል። አንዱ ማስታወሻ የአንዲትን ሴት ገመና የሚመለከት ነው፣ ሌላው ኮማ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ነው የሚታዩት። ሪፖርቱ ሳይስተካከል ቢወጣ ጉዳት የሚያመጣው የትኛው ነው? በጻፍሽልኝ ውስጥ ሦስት አሉ። ቁጥሩ፣ ታሪኩ፣ የችግሮቹ ክፍል። የቀረው የአጻጻፍ ልማድ ነው ወይም ያንቺ ምርጫ ነው።

እንግሊዝኛውን ግን ጨርሶ ከዚህ አውጪው። የመስክ ባለሙያ የተቀጠረው ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ሥራውን ሊያውቀው እንጂ በፈረንጅ አፍ ሊያስውበው አይደለም። በየቢሮው የማየው ነገር ነው፦ ቋንቋው ደከም ያለ ሰው ሥራውም ደካማ ይመስለናል፣ እንግሊዝኛው የሚፈስለት ደግሞ ባዶ ገጽ ይዞ ያልፋል። እንግሊዝኛውን አንቺ ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው ያርመው። ይህንንም በግልጽ ንገሪያቸው፤ ግማሽ ጭንቀታቸው እሱ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ኢሜይሉ። ገጾቹን፣ ቀኑንና አንዳንዱን ዝርዝር እኔ ገምቼ ነው የሞላሁት፤ ያንቺን ተኪበት። በአማርኛ ጻፊው።

ርዕስ፦ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት፦ እስከ ሐሙስ የሚስተካከሉ 3 ነገሮች

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ባለፈው የላክሁልዎ ኢሜይል ምን እንደሚስተካከል አይናገርም ነበር፤ ይቅርታ። ይኸው አሁን በዝርዝር።

ሪፖርቱን ከአባሪዎቹ ጋር አየሁት። የተሳታፊ ዝርዝሮቹን በየቀኑና በየቀበሌው ለይተው ስለላኩልኝ ቁጥሩን ራሴ ማመሳከር ችያለሁ። ለለጋሹ ከመላካችን በፊት ግን ሦስት ነገሮች መስተካከል አለባቸው።

1ኛ፣ ገጽ 4፣ ሁለተኛው አንቀጽ። 412 ሴቶች ሠለጠኑ ይላል፤ ገጽ 9 ያለው ሠንጠረዥ 386 ነው። ዝርዝሮቹን ስደምር መጋቢት 25 የተሰጠው ሥልጠና 26 ሰው አለው። ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የለጋሹ ሩብ ዓመት የተዘጋው መጋቢት 22 ስለሆነ ያ ሥልጠና ወደሚቀጥለው ሪፖርት ይተላለፋል። እንዲያ ከሆነ ጽሑፉን 386 ያድርጉልኝ። ምክንያቱ ሌላ ከሆነ ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ይንገሩኝ።

2ኛ፣ ገጽ 6፣ የተጠቃሚዋ ታሪክ። ሙሉ ስማቸው፣ ቀበሌያቸው፣ ፎቷቸውና ባለቤታቸው ጥለዋቸው መሄዳቸው አንድ ላይ ተጽፏል። የፈረሙት የፈቃድ ቅጽ ካለ ስካን አድርገው ይላኩልኝ። ከሌለ ስማቸውን እንቀይር፣ ፎቶውንና የቀበሌውን ስም እናውጣ። ሪፖርቱ ድረ ገጽ ላይ ሊወጣ ስለሚችል ጎረቤት የሚያውቃቸው መሆን የለበትም። ብድሩን በስንት ወር እንደመለሱ የሚናገረው ክፍል ግን እንዳለ ይቆይ፤ የፕሮጀክቱን ውጤት በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው።

3ኛ፣ ገጽ 7፣ ያጋጠሙ ችግሮች። ሁለቱ አንቀጾች ካለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት ጋር አንድ ናቸው። የነዳጁ ችግር አሁንም ካለ እንዳለ ይጻፍ። ግን በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ሥልጠና እንዳዘገየብንና እርስዎ ምን እንዳደረጉ ይጨመርበት። አምስት መስመር ይበቃል። ባለፈውም ሳልናገር አሳለፍኩት እንጂ ያኔ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።

እንግሊዝኛውን እኔ አርመዋለሁ፤ እሱን አይዩት።

ሐሙስ ሚያዝያ 15 ከሰዓት 10 ሰዓት ድረስ ቢደርሰኝ አንብቤ ለማጠቃለል ጊዜ ይኖረኛል። ቀኑ የማይበቃዎ ከሆነ እስከ ነገ ይንገሩኝና ሥራውን እንካፈለዋለን።

ከአክብሮት ጋር

እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ነገር ልብ በይልኝ።

ቁጥሩ ላይ ያየሽውና የገመትሽው ተለይተዋል። ገጽ 4 ላይ 412፣ ገጽ 9 ላይ 386 መሆኑን አይተሻል፤ «ይላል» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ምክንያቱን ግን ገምተሻል፤ ስለዚህ «ይመስለኛል» ይባላል፣ በሩም ክፍት ይተዋል። ሦስተኛው ላይም ያው ነው። «ገልብጠዋል» ብትዪ ስለ ሰውየው ፈረድሽ። «አንድ ናቸው» ስትዪ ግን ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን የከፈተ ማንም ሰው የሚያየውን ነው የተናገርሽው። ምናልባት ችግሩ እውነትም አንድ ዓይነት ሆኖ ምን ብለው እንደሚቀይሩት ጨንቋቸው ይሆናል። የመስክ ሰው ስለ ነዳጅ በየሦስት ወሩ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከየት ያመጣል?

የሦስተኛው ነጥብ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የምትገባው እውነት ከሆነች ብቻ ነው። ባለፈው ሪፖርት ላይ ተመሳሳዩን ነገር አይተሽ ካሳለፍሽው አሁን ድንገት ጥፋት ሊሆን አይችልም። ካለፈው በፊት ነግረሻቸው ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሯን አውጪና የነገርሽበትን ቀን ጻፊ። ሌሎቹ የመስክ ቢሮዎች የላኩትንም ገረፍ አድርገሽ እዪው። የእነሱም የችግሮች ክፍል እንዲሁ ሆኖ ካገኘሽው ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ለሁሉም የሚላክ አጭር ማሳሰቢያ ነው የሚያስፈልገው።

ምስጋናዋንም ተመልከቻት። «ለትጋትዎ እናመሰግናለን» አላልንም። ያ ዓረፍተ ነገር በየቢሮው የሚታወቀው ከ«ይሁን እንጂ» በፊት የሚመጣ ሆኖ ነው፤ ሰው አንብቦት ወደ ታች ይወርዳል። ዝርዝሩ በቀንና በቀበሌ መለየቱ ግን ሥራሽን በእውነት አቅልሎልሻል። የጋሼ ዝርዝር እንዲያ ካልተለየ ሌላ እውነተኛ ነገር ፈልጊ። ካጣሽ ምስጋናውን ተዪው፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ግቢ።

ዕድሜያቸውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። ትልቅ ሰው ላለማስቀየም ሲል ኢሜይሉን «እንደው ጊዜ ካገኙ ቢያዩት ጥሩ ነበር» እያለ ያለሰልሰዋል። አንባቢው ከዚህ የሚረዳው ባያየውም ችግር እንደሌለ ነው። ሐሙስ መጥቶ ሪፖርቱ እንዳለ ሲመለስ የሚናደደው ደግሞ ያው ጸሐፊው ነው። «እርስዎ» ማለትሽ፣ ደውለሽ መንገርሽ፣ ለምክንያታቸው ቦታ መተውሽ፣ አክብሮቱ እዚያ አለ። ጥያቄው ግን «መስተካከል አለባቸው» ነው፤ ከነቀኑ ከነሰዓቱ።

«ደውለሽ» ያልኩት ሳይታወቀኝ አይደለም። ከመላክሽ በፊት ደውይላቸው። ጤንነታቸውን ጠይቂ፣ ቤተሰቡን ጠይቂ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ያለፈው ኢሜይሌ ጥሩ አልነበረም። አሁን ሦስት ነገር በዝርዝር ልልክልዎ ነው፤ አንዱ ላይ የእርስዎን ማብራሪያ እፈልጋለሁ» በያቸው። ሦስቱን ነገሮች በስልክ አትዘርዝሪ፣ አትከራከሪም። ስልኩ ድምፅሽን እንዲሰሙ ነው፤ ኢሜይሉን ሲከፍቱ በዚያው ድምፅ ያነቡታል። ካላነሱ አንድ አጭር መልእክት ላኪና ኢሜይሉን ላኪው፤ ለስልክ ብለሽ ቀን አታባክኚ። ዓርብ ማታም አትላኪው። ቅዳሜና እሑድን ምላሽ መስጠት የማይችሉበትን ነገር ይዘው እንዲውሉ ታደርጊያቸዋለሽ።

አሁን ወደ ሲሲው። እኔ ብሆን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት ሰው ኢሜይልሽን ሲያነቡ መጀመሪያ ያዩት ይዘቱን አይመስለኝም፤ ከላይ ያለውን የዳይሬክተሩን ስም ነው። ያን ጊዜ ነገሩ እርማት መሆኑ ቀረና ክስ ሆነ። አዲሱን ኢሜይል ለእሳቸው ብቻ ላኪው። ዳይሬክተሩ «የት ደረሰ?» ካሉሽ «ሦስት ነጥብ ልኬላቸዋለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል» ማለት ይበቃሻል።

ያለፈውን ግን እንዲሁ አትተዪው። ሰውን ዳይሬክተር ፊት «ጥንቃቄ ይጎድለዋል» ብለሽ ለብቻው ይቅርታ ብትጠይቂው ዳይሬክተሩ የሚያስታውሱት የመጀመሪያውን ነው። የቁጥሩ ልዩነት ከቀን አቆጣጠሩ የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ በዚያው በድሮው ኢሜይል ላይ፣ ሁለቱም ባሉበት፣ ሁለት መስመር መልሺ፦ «በሥልጠናው ቁጥር ላይ የታየው ልዩነት የለጋሹና የወረዳው ሩብ ዓመት የሚዘጋበት ቀን ስለሚለያይ የመጣ ነው። ለሁሉም የመስክ ቢሮዎች የመዝጊያ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳውቃለሁ።» ልዩነቱ ሌላ ምክንያት ካለው ይህን አትጻፊ፤ ያልሆነውን ብለሽ ልታድኛቸው አያስፈልግም። ያኔ «ጉዳዩን ከጋሼ ጋር በዝርዝር ይዘነዋል፤ የመጀመሪያው ኢሜይሌ ግልጽ አልነበረም» ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የተሳታፊ ዝርዝሩን ስትደረድሪ ፊርማዎቹ በአንድ እጅ የተፈረሙ የሚመስሉ ሆነው ካገኘሽ፣ ወይም ሥልጠናው ተሰጠ በተባለበት ቀን አዳራሹም አበሉም የተከፈለበት ሰነድ ከሌለ፣ የምትጽፊው የእርማት ኢሜይል የለም። ጥርጣሬን በኢሜይል ለተጠርጣሪው መላክ ንጹሕ ከሆነ ያቆስለዋል፣ ካልሆነ ደግሞ ያስጠነቅቀዋል። ያን ይዘሽ በቃል ወደ ዳይሬክተርሽ ሂጂ፤ ከዚያ በኋላ በድርጅቱ አሠራር የፋይናንስና የውስጥ ኦዲት ሥራ ነው።

ሦስቱ ነጥቦች በግልጽ ተጽፈውም ሐሙስ ሪፖርቱ ሳይነካ ከመጣ ሌላ ረጅም ኢሜይል አትጻፊ። ደውለሽ «የትኛው አስቸገረዎ?» በያቸው። ሠንጠረዡን ኤክሴል ላይ መክፈት አቅቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔቱም አባሪውን አላወርድ ብሎ ሊሆን ይችላል። ተነግሯቸው፣ ገብቷቸው፣ ጊዜም ኖሯቸው ካልሠሩት ሪፖርቱን ራስሽ ጨርሰሽ በቀኑ አስገቢው። የሥራ አፈጻጸሙን ጉዳይ ለለጋሽ ቀነ ገደብ ሩጫ ውስጥ አትክተቺው። ከሚያዝያ 22 በኋላ ፊት ለፊት ተገናኙ። ያን ጊዜ ይህ ኢሜይል ምን እንደጠየቅሽና መቼ እንደጠየቅሽ ያሳይልሻል።

ተስተካክሎ ከመጣ ደግሞ ያንኑ ቀን አንብቢው። የምታዪው ሦስቱን ነጥቦች ነው። አራተኛ ነገር ዓይንሽ ውስጥ ከገባ፣ ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ማስታወሻሽ ላይ ያዢው። ቁጥር ከሆነ ራስሽ አስተካክለሽ ምን እንደቀየርሽ አንድ መስመር ጻፊላቸው። ከዚያ «ደርሶኛል፣ ሦስቱም ተስተካክለዋል» ብለሽ መልሺላቸው። ይህን መልስሽን ስትልኪ ዳይሬክተሩን ሲሲ አድርጊ።